የካሳ ይግባኝ ጊዜው ሲያልፍ፦ ሠላሳው ቀን ከየት ይቆጠራል? ካለፈስ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ያለው ቤቴ ለመንገድ ሥራ እንዲነሳ ተወስኖ በካሳው ግምት ስላልተስማማሁ በየደረጃው አቤት ብያለሁ። የይግባኝ ሰሚ ጉባኤው የመጨረሻ ውሳኔ የተጻፈበት ቀን ነሐሴ 10 ቀን 2016 ነው፤ እኔ ፈርሜ የተረከብኩት ግን ነሐሴ 16 ነው። ከንቲባ ጽሕፈት ቤትም አቤቱታ አስገብቼ ‹ይታያል› ስለተባልኩ ስጠብቅ ቆየሁ። ባለቤቴም ከጳጉሜን 3 እስከ መስከረም 6 ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እስከ መስከረም 16 ጊዜ አለኝ ብዬ መስከረም 10 ደሴ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኜን ይዤ ብሄድ ሬጅስትራሩ ቀኑ አልፏል ብሎ መለሰኝ። ዛሬ መስከረም 13 ነው። አንድ ጠበቃ ‹ይግባኝ ማስፈቀጃ አስገባ› ይለኛል፣ ሌላው ‹አብቅቷል› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ማስፈቀጃ ከመጻፍዎ በፊት ሊጣራ የሚገባው ነገር ይግባኝዎ በእርግጥ ዘግይቶ ከሆነ ነው። በነገሩኝ ቀኖች መሠረት አልዘገየም ብዬ አምናለሁ። ማስፈቀጃ ብቻ ካስገቡ ግን ዘግይቻለሁ ብለው በራስዎ እጅ ጽፈው እንደ ሰጡ ይቆጠራልና ቅደም ተከተሉ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የእርስዎን ጉዳይ የሚገዛው የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚለቀቅበትን፣ ካሳ የሚከፈልበትንና ተነሺዎች የሚቋቋሙበትን ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። አዋጁ የፌዴራል ሕግ ቢሆንም በክልሎችም የሚሠራ ነው፤ ክልሎች አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲያቋቁሙ የሚያዘውም እሱ ነው። መንገዱ ሦስት እርከን አለው። የማስነሻ ትእዛዝ የደረሰው ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያመለክታል፤ በዚያ ውሳኔ ቅር የተሰኘ የውሳኔው ጽሑፍ በደረሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤው ያቀርባል፤ በጉባኤው ውሳኔም ቅር ከተሰኘ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርከኖች በጊዜያቸው እንደ ፈጸሙ ከጥያቄዎ ስለተረዳሁ አልመለስባቸውም። ክርክሩ ያለው በሦስተኛው ሠላሳ ቀን ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ሁለት ስህተቶች ስላሉ አስቀድሜ ላንሳቸው። አንደኛው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 ላይ ለይግባኝ የተሰጠውን ስድሳ ቀን ተማምኖ መቆየት ነው። ያ ጊዜ የተቀመጠው ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ለሚሄድ መደበኛ ይግባኝ ነው፤ ልዩ ሕግ የራሱን ጊዜ ሲወስን የሚሠራው የልዩ ሕጉ ነው፤ በካሳ ጉዳይ ደግሞ ሠላሳ ቀን ነው። ሁለተኛው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ለከተማ አስተዳደር ውሳኔ መጥቀስ ነው። ያ አዋጅ የሚመለከተው የፌዴራል መንግሥቱን አስፈጻሚ አካላትና የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደሮች ነው፤ የኮምቦልቻም ሆነ የደሴ ከተማ አስተዳደር በሰጠው ውሳኔ ላይ እሱን ጠቅሶ መከራከር ዳኛው ፊት ከማዳከም በቀር አይጠቅምም።

አሁን ወደ አቆጣጠሩ እንምጣ። ሬጅስትራሩ የቆጠረው ውሳኔው ላይ ከተጻፈው ቀን ተነስቶ ነው። ነሐሴ 10ን ትተን ከነሐሴ 11 ብንጀምር እስከ ነሐሴ 30 ድረስ ሃያ ቀን ይሆናል፤ የ2016 ጳጉሜን አምስት ቀን ስለነበረች ሃያ አምስት ይሞላል፤ መስከረም 5 ላይ ሠላሳው ያልቃል። መስከረም 5 እሑድ ስለዋለ አንድ ቀን ተገፍቶ መስከረም 6 ቢባል እንኳ መስከረም 10 የቀረበ ይግባኝ በዚህ ቆጠራ ዘግይቷል። በሬጅስትራሩ ቆጠራ ውስጥ የሒሳብ ስህተት የለም፤ ስህተቱ ያለው በመነሻው ላይ ነው።

ጊዜው የሚጀምረው ውሳኔው ከተጻፈበት ወይም ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን በጽሑፍ ለባለጉዳዩ ከደረሰበት ቀን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በቢሮ ውስጥ ተፈርሞ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን ወረቀት ማንም ሰው ሊቃወመው አይችልም። ምክንያቱን ያላነበበ ሰው የይግባኝ ቅሬታውን በየትኛው ነጥብ ላይ ሊመሠርት ይችላል? ስለዚህ ፈርመው የተረከቡበት ነሐሴ 16 ነው መነሻው። የደረሰበት ቀን ራሱ አይቆጠርም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉም የጊዜ አቆጣጠር የሚጀምረው ከማግስቱ ነው። ከነሐሴ 17 እስከ 30 አሥራ አራት ቀን፣ ጳጉሜን አምስት፣ ተደምሮ አሥራ ዘጠኝ፤ ቀሪው አሥራ አንድ ቀን ከመስከረም 1 እስከ መስከረም 11 ይሄዳል። የመጨረሻው ቀን መስከረም 11 ቅዳሜ ነው፤ እርስዎ የቀረቡት ዓርብ መስከረም 10 ነው። በጊዜው ቀርበዋል ማለት ነው።

እርስዎ «እስከ መስከረም 16» ያሉት ግን በምንም መንገድ አይሆንም። ከነሐሴ 16 እስከ መስከረም 16 አንድ ወር ነው ብለው ሲያስቡ ጳጉሜንን ዘልለዋታል። ሕጉ የሚለው ሠላሳ ቀን ነው እንጂ አንድ ወር አይደለም፤ በቀን የተወሰነ ጊዜ ደግሞ ጳጉሜንንም፣ እንቁጣጣሽንም፣ በመካከል የሚውል ሌላ በዓልንና እሑዶችንም ይጨምራል። ከሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ውሳኔ የሚደርሳቸው ሰዎች በዚህ ምክንያት አምስት ወይም ስድስት ቀን በየዓመቱ ያጣሉ። ከመስከረም 11 በኋላ መጥተው ቢሆን ኖሮ ይህን ክርክር ማንሳት አይችሉም ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ነሐሴ 16 መቀበልዎን ማስረዳት ነው፤ ሁሉም ነገር የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። የእርስዎ ቃል ብቻውን አይበቃም። የሚበቃው ደብዳቤው ሲሰጥዎ የፈረሙበት የደብዳቤ ማስረከቢያ መዝገብ ነው፤ በዚያ ላይ የደብዳቤው ወጪ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ስምዎና ፊርማዎ በአንድ መስመር ይገኛሉ። ዛሬውኑ ወደ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሄደው የዚያ ገጽ ትክክለኛ ግልባጭ እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ጥያቄውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያስደርጉ። ግልባጩን ቢከለክሉዎት ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ራሱ ማስረጃ ይሆንልዎታል፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱን መዝገቡን እንዲያቀርብ እንዲያዝልዎ ሲጠይቁ አስቀድመው ለማግኘት እንደ ሞከሩና እንደ ተከለከሉ የሚያሳየው እሱ ነው።

በመዝገቡ ላይ ቀኑ ካልተጻፈ ወይም ሌላ ሰው በስምዎ ፈርሞ ከተገኘ ነገሩ ይከብዳል እንጂ አይዘጋም። መጥተው እንዲወስዱ የደወሉበት ወይም መልእክት የላኩበት ስልክ፣ አብሮዎት የተረከበ የሌላ ተነሺ ደብዳቤና ቀኑ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ምስክርነት፣ እነዚህ ተደምረው ቀኑን ሊያሳዩ ይችላሉ። በመንገድ ሥራ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚነሳ የጎረቤቶችዎ ሰነድ ቀላል ማስረጃ አይደለም፤ ለሦስት አባወራዎች በአንድ ቀን የተሰጠ ደብዳቤ ለአራተኛው ቀድሞ ተሰጠ ለማለት መሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል። ከዚህ ጋር ልጨምር የምፈልገው፣ ውሳኔ መተላለፉን በቃል መስማት ጊዜውን አያስጀምርም፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ሲያቀርቡልዎ «አልቀበልም» ብሎ መመለስ ጥበቃ አይሆንም። እምቢታው የቀበሌ ሰዎች በተገኙበት በቃለ ጉባኤ ከተያዘ ፍርድ ቤት እንደ ደረሰዎት ሊቆጥረው የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ባልተስማማሁበት ወረቀት ላይ አልፈርምም የሚሉ ሰዎች በዚህ ይጎዳሉ። ፊርማው መረከብን እንጂ መስማማትን አያሳይም፤ ስጋት ካለብዎ «ተረክቤአለሁ፣ አልተስማማሁም» ብለው ቀኑን ጨምረው መፈረም ይችላሉ።

ይግባኙ ዘግይቷል ተብሎ ቢወሰድስ? ይህንንም መዘጋጀት አለብዎት፤ ምክንያቱም የመዝገቡ ቀን ምን እንደሚል ገና አላየነውም። ልዩ ሕጉ ስለ ዘገየ ይግባኝ ዝም ባለበት ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 324 እስከ 326 ባለው ነው። ጊዜው ያለፈበትን የይግባኝ ማመልከቻ ሬጅስትራሩ አይቀበልም፤ ባለጉዳዩም በአሥር ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲፈቀድለት ሊያመለክት ይችላል። የመጀመሪያው ጠበቃ ያሉዎት ይህን ነው። የመለስዎ መስከረም 10 ስለሆነ አሥሩ ቀን ሰኞ መስከረም 20 ላይ ያልቃል። መስከረም 17 የመስቀል በዓል ዓርብ ይውላል፤ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ይከተላሉ፤ የቀረዎት የሥራ ቀን ከሚያስቡት ያነሰ ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እስከ ረቡዕ መስከረም 15 አስገብቼ እጨርሳለሁ።

ፍርድ ቤቱ የማስፈቀጃ አቤቱታን ሲመረምር የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ በጊዜው እንዳይቀርቡ የከለከለዎ በቂ ምክንያት ነበር ወይ? ካሳው ማነሱ፣ ቤቱ የተገመተበት ዋጋ ከገበያው የራቀ መሆኑ፣ ቤተሰብ መበተኑ፣ እነዚህ ሁሉ የዋናው ይግባኝ ነጥቦች ናቸው። ሰዎች የማስፈቀጃውን አቤቱታ ስለ በደሉ በሚናገሩ ገጾች ይሞሉትና ስለ ዘገዩበት ምክንያት ሁለት መስመር ብቻ ይጽፋሉ፤ ዳኛው የሚያነበው ደግሞ እነዚያን ሁለት መስመሮች ነው። አቤቱታዎ አጭር ሆኖ ከነሐሴ 17 እስከ መስከረም 10 በየቀኑ የት እንደነበሩና ምን እንደከለከለዎ የሚናገር፣ በቃለ መሐላ የተደገፈና ማስረጃ የተያያዘበት ይሁን።

ካነሷቸው ምክንያቶች የከንቲባ ጽሕፈት ቤቱን አቤቱታ እንደ ዋና ምክንያት አያቅርቡት። አዋጁ የዘረጋው መንገድ ከጉባኤው በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ በመካከሉ ከንቲባ የለም። በሕጉ ያልተጠቀሰ አካል ዘንድ አቤት ማለት ሠላሳውን ቀን አያቆመውም፣ አያቋርጠውም፣ አያድሰውምም። «ይታያል»፣ «ከበዓል በኋላ ና»፣ «ኮሚቴ ይቀመጣል» የሚሉ መልሶች የስንት ሰው ይግባኝ እንዳስቀሩ ማሰብ ያሳዝነኛል፤ መልሱን የሚሰጠው ሠራተኛ ክፉ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል፤ ለባለጉዳዩ ግን የሕግ ጊዜው እያለቀ መሆኑን የሚነግረው ሰው የለም። የአስተዳደር አቤቱታና የፍርድ ቤት ይግባኝ ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ፤ ከንቲባው ቢያስተካክሉት ይግባኙን መተው ቀላል ነው፤ ይግባኙ ካለፈ ግን ከንቲባው ሊመልሱት አይችሉም። አንድ የተለየ ሁኔታ አለ፤ ውሳኔውን የሰጠው አካል ራሱ «ውሳኔውን እንደገና እያየን ስለሆነ ተፈጻሚ አይሆንም» የሚል ደብዳቤ በጊዜው ውስጥ ጽፎልዎ ከነበረ፣ ያ ሰነድ በቂ ምክንያት ሆኖ ሊታይ ይችላል። የቃል ተስፋ ግን አይደለም።

የባለቤትዎ ሕመም የተሻለ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ግን የሚወሰነው በቀኖቹ ነው። በሬጅስትራሩ ቆጠራ ጊዜው ያለቀው መስከረም 6 ሲሆን እሳቸው የወጡትም መስከረም 6 ነው። ስለዚህ ጊዜው ባለቀበት ዕለት እንቅፋቱ በቦታው ነበር። ይህ በጣም ጠቃሚ ነው፤ የሆስፒታሉን የመተኛና የመውጫ ማስረጃ፣ አስታማሚው እርስዎ እንደነበሩ የሚያሳይ ነገር ካለ እሱንም ያያይዙ። ተቃዋሚው ወገን «ከነሐሴ 17 እስከ ጳጉሜን 2 አሥራ ስድስት ቀን ነበረው፣ ለምን አልተጠቀመበትም?» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ለዚህ መልሱ ሕጉ የሰጠው ሠላሳ ቀን ነው የሚል ነው፤ ይግባኝ የማስገባት ግዴታ በመጀመሪያው ሳምንት ላይ አልተጣለም፤ ሰው ሰነድ ሰብስቦ፣ የግምት ባለሙያ አማክሮ፣ ገንዘብ አፈላልጎ በመጨረሻው ሳምንት ለማስገባት ማቀዱ ቸልተኝነት አይደለም። የዳኞች አቋም በዚህ ላይ አንድ ወጥ ነው ለማለት አልደፍርም፤ እኔ ግን ትክክለኛው አስተያየት ይህ ነው እላለሁ።

የሚያስቸግርዎ ከመስከረም 6 በኋላ ያሉት ቀኖች ናቸው። እንቅፋቱ ከተወገደ በኋላ ወዲያው መንቀሳቀስ ይጠበቃል፤ ብዙ ጥሩ ምክንያት ያላቸው አቤቱታዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ሰውየው በእርግጥ ታሞ ነበር፣ ማስረጃውም ትክክል ነው፣ ነገር ግን ከዳነ በኋላ አርባ ቀን ተቀምጧል፤ ለአርባው ቀን የሚሰጠው ምክንያት የለውም። የእርስዎ ክፍተት አራት ቀን ብቻ ነው፤ መስከረም 7 ምን አደረጉ፣ 8 የይግባኙን ማመልከቻ ማን ጻፈልዎ፣ 9 የዳኝነት ክፍያ የከፈሉበት ወይም ሰነድ ያስባዙበት ደረሰኝ አለ ወይ? እነዚህን አስታውሰው ይጻፉ። አራት ቀን ለዝግጅት ያስፈልጋል ቢባል የሚታመን ነው፤ ጥያቄውን ባዶ ጥሎ ማለፍ ግን ያስጠረጥራል።

በዚህ አካባቢ የኖርን ሰዎች የምናውቀው አንድ ጥያቄም አለ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል፤ ከዚያ ወዲህም መንገድ የሚዘጋባቸው ጊዜያት አሉ። እንዲህ ያለ ለሁሉም የታወቀ ክስተት በቂ ምክንያት መሆኑን ዳኛ አይክደውም፤ ይሁን እንጂ «ጦርነት ነበር» ማለት ብቻ አይበቃም። እርስዎ በዚያ ጊዜ የት እንደነበሩ፣ መቼ እንደተመለሱ፣ አገልግሎት መቼ እንደተጀመረና ከዚያ በኋላ በስንት ቀን እንደ ቀረቡ ማሳየት ያስፈልጋል። ክስተቱ የጋራ ቢሆንም ምክንያቱ የግል ሆኖ መቅረብ አለበት።

የጠበቃ ጥፋትን በሚመለከት ሕጉ ጥብቅ ነው። ቁጥር 326 የይግባኝ ባዩ ጠበቃ ወይም ወኪል ባጠፋው ጥፋት ይግባኙ ሳይቀርብ መቅረቱን እንደ በቂ ምክንያት አይቀበልም። ጠበቃው ቀኑን ቢረሳ፣ ወኪል ያደረጉት ወንድምዎ ቸል ቢል፣ በሕግ ዓይን የዘገዩት እርስዎ ነዎት። በራስዎ የተደረገ የቀን አቆጣጠር ስህተትም እንዲሁ ነው፤ ጳጉሜንን ረስቼ ነው ብለው እንዳይጽፉ። እውነቱን ለመደበቅ አይደለም፤ በጊዜው ቀርቤአለሁ በሚለው ዋና ክርክርዎ ውስጥ እርስዎ ምን አስበው እንደነበር ሳይሆን ቀኑ የትኛው እንደሆነ ነው የሚጠየቀው።

አንዳንድ ሰው «ከተማ አስተዳደሩ መዘግየቴን ካላነሳብኝ ያልፋል» ብሎ ያስባል። ይህ ከይርጋ ጋር ማምታታት ነው። መደበኛ ክስ በይርጋ ቀሪ የሚሆነው ተከሳሹ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት ሲያነሳው ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1856 መሠረት ፍርድ ቤቱ ይርጋን በራሱ አያነሳም። የይግባኝ ጊዜ ግን በመዝገብ ቤቱ በር ላይ የሚጠየቅ ጉዳይ ነው፤ ተቃዋሚው መጥሪያ ሳይደርሰው እንኳ ሬጅስትራሩ ይመልሰዋል፤ በስህተት ቢያልፍም ችሎቱ ራሱ ሊያነሳው ይችላል። በዚሁ ምክንያት ይግባኙ ተመለሰብኝ ብሎ በወረዳ ፍርድ ቤት አዲስ የካሳ ክስ መክፈትም መውጫ አይሆንም፤ አዋጁ ለካሳ ቅሬታ የራሱን መንገድ ስለዘረጋ ክሱ በሥልጣን ጥያቄ የመዘጋቱ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ በዚያ መካከል የሚባክነው ወር ደግሞ ለማስፈቀጃውም አይተርፍም።

እንግዲህ ማመልከቻዎን በዚህ መልክ ያቀናጁት። በአንድ አቤቱታ ሁለት ጥያቄ ያቅርቡ፤ መጀመሪያ ውሳኔው የደረሰኝ ነሐሴ 16 ቀን 2016 ስለሆነና ሠላሳው ቀን የሚያልቀው መስከረም 11 ቀን 2017 ስለሆነ መስከረም 10 ያቀረብኩት ይግባኝ በጊዜው ነው፣ መዝገቡ ይከፈትልኝ ይበሉ። ቀጥለው፣ ፍርድ ቤቱ ይህን ሳይቀበለው ቢቀር በአማራጭ፣ ከጳጉሜን 3 እስከ መስከረም 6 በባለቤቴ ሕመም ምክንያት መቅረብ ስላልቻልኩ ይግባኙ ይፈቀድልኝ ይበሉ። «በአማራጭ» የምትለዋን አይተዉ፤ መዘግየትዎን ሳያምኑ ሁለተኛውን በር ክፍት የምታደርግልዎ እሷ ናት። ከአቤቱታው ጋር የጉባኤውን ውሳኔ ግልባጭ፣ የማስረከቢያ መዝገቡን ገጽ ወይም የጠየቁበትን ማኅተም ያለበትን ወረቀት፣ የሆስፒታሉን ማስረጃ፣ ቃለ መሐላውን፣ እንዲሁም መስከረም 10 ይዘውት የሄዱትን የይግባኝ ማመልከቻ ሳይለውጡ ያያይዙ። ያኔ የተመለሰልዎ ማመልከቻ ላይ ሬጅስትራሩ የጻፈበት ቀንና ምክንያት ካለ ዋናውን ጠብቀው ይያዙ። በቃል ብቻ መልሶዎት ከሆነ ነገ ጠዋት ደሴ ሄደው፣ መስከረም 10 ቀርበው እንደነበርና በምን ምክንያት እንደተመለሱ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ፤ በጊዜው የቀረቡበትን ቀንም ሆነ የአሥሩን ቀን መነሻ የሚያሳየው ያ ጽሑፍ ነው።